ሙሉ ዴንቸር ሲሠራ ንክሻው የሚሳሳተው የት ላይ ነው?

ጥያቄ፦ «የጥርስ ሕክምና ተማሪ ነኝ። የመጀመሪያዬን ሙሉ ዴንቸር እየሠራሁ ነው። አርቲኩሌተር ላይ በደንብ ገጥሞ የነበረው ንክሻ በትራይ ኢን ቀን ታካሚዬ አፍ ውስጥ ሲገባ ፈጽሞ ሌላ ሆነብኝ። ችግሩ ከየትኛው ደረጃ ሊመጣ ይችላል? ከኢምፕሬሽን እስከ ርክክብ ምን እያየሁ መሄድ እንዳለብኝ ብታስረዱኝ።»

መልስ፦ ተማሪዎችን በክሊኒክ ሳሠለጥን ደጋግሜ እንዳየሁት፣ እንዲህ ያለው ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው የመንጋጋ ግንኙነት በሚመዘገብበት ቀን ነው። ሆኖም ልኬቱ የሚወሰደው ድድ ላይ በተቀመጠ ቤዝ አማካኝነት ስለሆነ፣ ቤዙ የሚነቃነቅ ከሆነ የቱንም ያህል ብንጠነቀቅ ትክክለኛ ልኬት አናገኝም። ስለዚህ ከኢምፕሬሽኑ መጀመር ይኖርብኛል።

የመጀመሪያው ኢምፕሬሽን በተዘጋጀ ትሬይ፣ በአልጂኔት ወይም በኮምፓውንድ ይወሰዳል። ዓላማው ዴንቸሩ የሚያርፍበትን ቦታ በሙሉ ማሳየት ስለሆነ ጠርዙ ትንሽ ቢረዝም አያሳስብም። በዚህ ካስት ላይ የሚሠራው የታካሚው የራሱ ትሬይ ግን ከእጥፋቱ 2 ሚሊሜትር ያህል ማጠር አለበት፤ ያ ክፍተት የግሪን ስቲክ ኮምፓውንድ ቦታ ነው። ኮምፓውንዱ በየክፍሉ እየለሰለሰ ጠርዙ ላይ ይደረግና ጉንጭና ከንፈር እየተንቀሳቀሱ፣ በታችኛው መንጋጋ ደግሞ ታካሚው ምላሱን እያወጣና ግራ ቀኝ እያደረገ ጠርዙ ይቀረጻል። ወደ መጨረሻው ኢምፕሬሽን ከመሄድዎ በፊት ትሬዩን መፈተን ያስፈልጋል። የላይኛው እጀታው ተይዞ ወደ ታች ሲሳብ መቋቋም አለበት፤ የታችኛው ደግሞ ታካሚው ምላሱን ሲያነሣ ከቦታው መነሣት የለበትም። ከተነሣ በምላስ በኩል ያለው ጠርዝ ረዝሟል ማለት ነው። የላይኛው የኋላ ወሰን የሚታወቀው ታካሚው «አ» ሲል ለስላሳው ላንቃ መንቀጥቀጥ ከሚጀምርበት መስመር ነው። በታችኛው በኩል ከሪጁ ጀርባ ያለው የሬትሮሞላር ፓድ በኢምፕሬሽኑ ውስጥ መካተት አለበት፤ ይህ ቦታ በኋላ የጥርሶቹን ከፍታ ለመወሰንም ያገለግለናል። የመጨረሻው ኢምፕሬሽን በዚንክ ኦክሳይድ ዩጂኖል ወይም በቀጭን ሲሊኮን ከተወሰደ በኋላ የደከምንበት የጠርዝ ውፍረት ካስቱ ላይ እንዳይጠፋ ዙሪያው በሰም ታጥሮ ጂፕሰም ይፈሰስበታል።

በመጨረሻው ካስት ላይ የሚሠራው ቤዝ ጠንካራ መሆን አለበት። ከሰም ብቻ የተሠራ ቤዝ በአፍ ሙቀት ስለሚጎብጥ እኔ ሁልጊዜ ራሱን በሚያደርቅ አክሪሊክ እንዲሠራ አደርጋለሁ። አፍ ውስጥ ሲገባ አንዱን ጎን በጣት ተጭኖ ሌላው ጎን ይነሣ እንደሆነ ማየት ግድ ነው፤ ከተነሣ የዚያን ቀን ልኬት መውሰድ ትርፉ ድካም ብቻ ነው። የሰም ሪሞቹ ቁመት ከፊት በኩል ለላይኛው 22፣ ለታችኛው 18 ሚሊሜትር አካባቢ ሆኖ ይጀመራል፤ እነዚህ ቁጥሮች ግን መነሻ እንጂ መድረሻ አይደሉም። መጀመሪያ የላይኛው ሪም ከንፈርን በሚገባ እንዲደግፍና ከንፈር ሲያርፍ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ያህል እንዲታይ ተደርጎ ይስተካከላል፤ ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች ዘንድ ከዚህም ያነሰ ይታያል። ከፊት ለፊት ሲታይ የሁለቱን ዓይኖች ብሌን ከሚያገናኘው መስመር ጋር፣ ከጎን ሲታይ ደግሞ ከአፍንጫ ክንፍ እስከ ጆሮ ትራገስ ከሚሄደው መስመር ጋር ትይዩ መሆን አለበት።

ከዚህ በኋላ የፊት ቁመት ይለካል። ታካሚው ጀርባውን አቅንቶ፣ ራሱን ሳያስደግፍ ይቀመጥ። አፍንጫው ጫፍ ላይና አገጩ ላይ ነጥብ ይደረግና «እማማ» ብሎ ከንፈሩን ሳያጨናንቅ እንዲያሳርፍ ይጠየቃል። በዚያን ጊዜ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት የዕረፍት ቁመት ነው። ይህ ልኬት በታካሚው ጭንቀትና አቀማመጥ ስለሚለዋወጥ አንድ ጊዜ ለክቶ ማመን አይገባም፤ ተደጋግሞ የሚመጣውን ቁጥር መያዝ ይሻላል። ሪሞቹ ሲገጥሙ የሚኖረው ቁመት ከዕረፍቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ማነስ አለበት። ይህ ልዩነት ፍሪዌይ ስፔስ የሚባለው ሲሆን፣ ጡንቻዎቹ የሚያርፉበት ክፍተት ነው። ቁጥሩን በንግግር ማረጋገጥ ደግሞ የግድ ነው። ታካሚው ከስድሳ እስከ ሰባ ሲቆጥር «ስ» ላይ ሪሞቹ ተቀራርበው ሳይነካኩ ማለፍ አለባቸው። ከተጋጩ ቁመቱ በዝቷል፤ ክፍተቱ በጣም ሰፍቶ ከታየ ደግሞ ቁመቱ አንሶ ሊሆን ይችላል።

እርስዎን ያጋጠመዎት ችግር የሚወለደው በብዛት ከዚህ በሚቀጥለው ሥራ፣ ማለትም ሴንትሪክ ሪሌሽን ሲመዘገብ ነው። ለረጅም ጊዜ ያለ ጥርስ የኖረ ወይም ያለቀ ዴንቸር ሲጠቀም የቆየ ሰው ለማኘክ ሲል መንጋጋውን ወደ ፊት ማምጣት ይለምዳል። «ንከሱ» ሲባልም የሚነክሰው በለመደው ቦታ ነው። ስለዚህ እኔ «ንከሱ» የሚለውን ቃል አልጠቀምም፤ የምላሳቸውን ጫፍ ወደ ላንቃቸው የኋላ ክፍል እንዲያጥፉና በዚያው እንዳለ ቀስ ብለው እንዲገጥሙ እጠይቃለሁ። በዚህ ጊዜ ሁለቱ ጠቋሚ ጣቶቼ የታችኛውን ቤዝ ግራና ቀኝ ይዘው ድዱ ላይ ያሳርፉታል፤ አውራ ጣቶቼ ከአገጭ ሥር ሆነው መንገድ ያሳያሉ እንጂ አይገፉም። የላይኛው ሪም ላይ የቪ ቅርጽ ያለው ቦይ ተቆርጦ ቫዝሊን ይቀባል፤ የታችኛው ሪም የኋላ ክፍል ትንሽ ዝቅ ይደረግና የለሰለሰ መመዝገቢያ ሰም ይደረግበታል። ሰሙ ግራና ቀኝ እኩል ካልለሰለሰ ጠንካራው ጎን ቀድሞ ይነካና ቤዙን ያዘነብለዋል። ሌላው ብዙ ጊዜ የማይታየው ጉዳይ የቤዞቹ የኋላ ጫፎች እርስ በርስ መነካካት ነው። ከሪሞቹ ቀድመው እነሱ ከተነካኩ የታችኛው ቤዝ ከፊት በኩል ይነሣል፣ ልኬቱም ከሥሩ ይበላሻል። ሰሙ ከደረቀ በኋላ ተነጣጥለው እንደገና እንዲገጥሙ ይደረግ፤ ሁለተኛው አገጣጠም ከመጀመሪያው ጋር አንድ ካልሆነ ምዝገባው ይደገም።

አንድ ተማሪ የሠራውን ጉዳይ ልጥቀስ። ታካሚዋ ያለቀ ዴንቸር ለዓመታት የተጠቀሙ እናት ነበሩ። የዕረፍት ቁመታቸው 66 ሚሊሜትር ሲሆን ምዝገባው የተወሰደው በ65 ነበር። አርቲኩሌተር ላይ የኋላ ጥርሶች በሚገባ ገጥመዋል፤ የላይኛው የፊት ጥርስ ከታችኛው የሚቀድመውም በ1 ሚሊሜትር ብቻ ነበር። አፍ ውስጥ ሲገባ ሲቆጥሩ ጥርሶቹ ይንቋቋሉ፣ ከንፈራቸውን ለመግጠምም አገጫቸው ይጨማደዳል። ምላሳቸውን ወደ ኋላ አጥፈው ሲገጥሙ ደግሞ የኋላ ጥርሶቹ ጫፍ ለጫፍ ተገናኙ፣ የላይኛው የፊት ጥርስም ከታችኛው በ4 ሚሊሜትር ያህል ቀድሞ ቆመ። ዝም ብለው እንዲነክሱ ሲጠየቁ መንጋጋቸው ወደ ፊት ይንሸራተትና ሁሉም ነገር ያማረ ይመስላል። እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት ነበር፦ ቁመቱ በዝቷል፣ መንጋጋውም የተመዘገበው ወደ ፊት እንደ ወጣ ነው። «ሲነክሱ ገጥሟል» ተብሎ ቢታለፍ ኖሮ ሥራው እስከ ርክክብ ይሄድ ነበር።

እርማቱ ይህን ያህል አስቸጋሪ አይደለም። የላይኛውን አልነካነውም። ከታችኛው ላይ ጥርሶቹ ተነሥተው በሰም ሪም ተተኩ፤ ሪሙም ሲገጥም ቁመቱ 63 እስኪሆን ድረስ ዝቅ ተደረገ፤ ይህም 3 ሚሊሜትር ፍሪዌይ ስፔስ ይሰጣል። ቆጠራው ሲደገም መንቋቋቱ ቆመ። ከዚያ አዲስ ሴንትሪክ ተመዘገበ፣ የታችኛው ካስት ከአርቲኩሌተሩ ተላቅቆ በአዲሱ ምዝገባ መሠረት እንደገና ተለጠፈ። ቁመቱ ሲቀንስ መንጋጋው ወደ ላይና በትንሹ ወደ ፊት ስለሚዞር የፊት ጥርሶቹ ርቀት ከ4 ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ነበር። ተማሪው የቀረውን ለመዝጋት የታችኛውን የፊት ጥርስ ወደ ከንፈር ሊገፋ ፈለገ፤ ይህ ግን አይደረግም። የቀረው ርቀት የታካሚዋ የራሳቸው የመንጋጋ ግንኙነት ነው፤ ጥርሱ ከሪጁ ርቆ ወደ ፊት ከወጣ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ዴንቸሩን ያነሣዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሁለተኛ ትራይ ኢን ተደረገ።

በትራይ ኢን ላይ እኔ የማልዘለው አንድ ፈተና አለ። ታካሚው በቀስታ ገጥሞ ሳለ ቀጭን ስፓቱላ በኋላ ጥርሶቹ መካከል፣ መጀመሪያ በአንዱ ከዚያ በሌላው ጎን ገብቶ በዝግታ ይጠማዘዛል። ጥርሶቹ ከተላቀቁ በዚያ በኩል ቤዙ ከድዱ ተነሥቶ ነው የገጠሙት እንጂ ንክሻው እኩል አልነበረም። ዓይን ይህን አያይም። የጥርሱ ቀለም፣ ቅርጽና የመካከል መስመር ከዚህ በኋላ ይታያል፤ ታካሚው በመስታወት አይቶ ሳይስማማ ግን ሰሙ ወደ አክሪሊክ አይለወጥ።

አክሪሊክ ሲበስል ስለሚኮማተር ጥርሶቹ በመጠኑ ይንቀሳቀሳሉ፣ የአርቲኩሌተሩ ፒንም ከጠረጴዛው ይነሣል። ስለሆነም ዴንቸሩ ከካስቱ ሳይላቀቅ ወደ አርቲኩሌተሩ ተመልሶ ንክሻው በምርጫ እየተፋቀ ፒኑ እስኪነካ ይስተካከላል። በርክክብ ቀን መጀመሪያ የውስጡ ገጽ በጣት ይዳሰሳል፤ የሾለ ነገር ካለ ይነሣል። ቀጥሎ የግፊት ማሳያ ፔስት ተቀብቶ የሚጫንባቸው ቦታዎች ይስተካከላሉ፣ የጠርዙ ርዝመትና የፍሬነሞቹ ቦታም ይታያል። ንክሻውን አፍ ውስጥ በአርቲኩሌቲንግ ወረቀት ብቻ ማስተካከል ያሳስታል፤ ድድ ስለሚተጣጠፍ ዴንቸሩ ይንሸራተትና ወረቀቱ ትክክለኛ ያልሆነ ምልክት ይተዋል። የሚሻለው አዲስ ምዝገባ ወስዶ አርቲኩሌተር ላይ ማስተካከል ነው።

ታካሚው ዴንቸሩን ማታ እንዲያወጣው፣ ውኃ ውስጥ እንዲያስቀምጠውና በፈላ ውኃ እንዳያጥበው ይነገረዋል። ከ24 ሰዓት በኋላ፣ ቀጥሎም ከሳምንት በኋላ ይመለሳል። በእነዚያ ቀናት ቁስል ሲያዩ ቦታውን ልብ ይበሉ፦ እጥፋቱ ውስጥ ያለ ቁስል በአብዛኛው የረዘመ ጠርዝ ምልክት ስለሆነ ጠርዙ እንዲያጥር ይደረጋል። በሪጁ አናት ወይም ተዳፋት ላይ ያለ ቁስል ግን ከንክሻ የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ ቤዙን ከውስጥ ከመፋቅዎ በፊት ንክሻውን ይመርምሩ።