«ነኝ» ካልኩ በኋላ «አይደል?» ወይስ «አይደለሁም?»

ጥያቄ፦ ልጄ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን ስትሠራ «ከ‹አይ አም› በኋላ ‹አረንት አይ› ነው የሚባለው» አለችኝ። በአማርኛስ? ወፍጮ ቤት «ተረኛዋ እኔ ነኝ፣ አይደል?» ነው የምለው ወይስ «ነኝ፣ አይደለሁም?» (ከጅማ)

መልስ፦ «ነኝ፣ አይደል?» ይበሉ።

«አይደል» የ«አይደለም» ልጅ ነው፤ «ም»ን ጥሎ መጣ። «ነኝ»ን ዞሮ አያይም። የሚጠይቀው ስለ ነገሩ በሙሉ ነው፤ «ነገሩ እንዲህ አይደል?» እንደማለት። ስለዚህ ለእኔም፣ ለአንቺም፣ ለእነሱም ያው ነው። ጊዜም አይለውጠውም፦ «ትናንት ሂርማታ ገበያ ነበርሽ፣ አይደል?» ፊቱ ያለው አሉታዊ ቢሆንም አይገለበጥም፦ «ቡናው አልፈላም፣ አይደል?» ጅማ ውስጥ ኦሮምኛ የሚሰማ ሰው ይህ አይገርመውም፤ «ሚቲ»ም ለሁሉም ሰው አንድ ነው።

እንግሊዝኛ ግን ዞሮ ያያል። ረዳት ግሡን ይደግማል፣ አዎንታውን ወደ አሉታ፣ አሉታውን ወደ አዎንታ ይገለብጣል። «ሺ ኢዝ» ካሉ «ኢዝንት ሺ»፣ «አይ አም ኖት» ካሉ «አም አይ»። ሕጉ የሚሰበረው «አይ አም» ላይ ነው። «አምንት አይ» መባል ነበረበት። ቃሉ በስኮትላንድና በአየርላንድ ዛሬም ይነገራል፤ መደበኛው እንግሊዝኛ ግን ስለተወው «አረንት» ቦታውን ያዘ። ልጅዎ ልክ ናት።

«አይደለሁ?» በአማርኛ የለም ማለቴ አይደለም። ሥራው ሌላ ነው። እናት ለደበቃት ልጇ «እናትህ አይደለሁ? ምነው ደበቅከኝ?» ትላለች። ፊቱ «ነኝ» የለም፤ ጥያቄ መስሎ የመጣ ወቀሳ ነው። «ተረኛዋ እኔ ነኝ፣ አይደለሁም?» ካሉ ደግሞ «ወይስ» የወደቀበት ምርጫ ይመስላል። ወፍጮ ቤት ይህን ቢሉ ከፊትዎ ያለችው ሴት «እኔ ምን አውቄ!» ብትልዎ አይፍረዱባት።

ከጥያቄው ይልቅ ሰው የሚሳሳተው መልሱ ላይ ነው። ባጃጅ አስቁመው «አጂፕ አትሄድም፣ አይደል?» አሉት እንበል። «አዎ» አለ። አይሄድም ማለት ነው፤ የእኛ «አዎ» «ያልሽው ልክ ነው» ስለሚል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ በዚያው ቦታ «ኖ» ነበር የሚለው፤ «የስ» ካለማ ይሄዳል ማለት ነው። የልጅዎ ፈተና ላይ ይህ ነው ነጥብ የሚያስጥለው። የሚሄድ ባጃጅ ከሆነማ «አዎ» ብሎ አያቆምም፤ «ኧረ እሄዳለሁ፣ ግቢ!» ይልዎታል።