70 በመቶ አልኮል፦ በግራም ወይስ በሚሊ ሊትር?

«ጎንደር በማስተምርበት ትምህርት ቤት ለቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ማጽጃ 70 በመቶ አልኮል ላዘጋጅ ነው። አልኮሉን በግራም ልመዝን ወይስ በሚሊ ሊትር ልስፈር?»

ውድ መምህር፣ በማጽጃ አልኮል ላይ 70 በመቶ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ይዘት ስለሆነ በሚሊ ሊትር ይስፈሩ። ንጹሕ ኤታኖል በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ (የጎንደር የክፍል ሙቀትም ከዚህ ብዙ አይርቅም) በሚሊ ሊትር 0.789 ግራም ብቻ ስለሚመዝን፣ 70 ግራሙን ከ30 ግራም ውሃ ጋር ቢቀላቅሉት ድብልቁ በይዘት 77 በመቶ ያህል ይሆናል።

ያለዎት በይዘት 96 በመቶ የሆነ አልኮል ከሆነ፣ 730 ሚሊ ሊትር ሰፍረው እስከ 1000 ሚሊ ሊትር ምልክት ድረስ የተጣራ ውሃ ይሙሉበት። ሁለቱ ፈሳሾች ሲቀላቀሉ ክብደታቸው ባይለወጥም ይዘታቸው ስለሚቀንስ፣ 270 ሚሊ ሊትር ውሃ ብቻ ቢጨምሩ ምልክቱ ላይ አይደርስም። ድብልቁ መጀመሪያ ስለሚሞቅ የመጨረሻውን ውሃ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ከእሳት ርቀው ይጨምሩ።