ብረት ሞልቶ ብረት ሲጠፋ

«ኩላሊትህ ተዳክሟል ተባልኩ። ደም አልፈሰሰኝም፤ ታዲያ ደሜ ለምን አነሰ?»

ኩላሊት ሽንት ከማጣራት ሌላ ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ያመርታል። ኦክስጅን ሲያንሰው ሆርሞኑን ይለቃል። ሆርሞኑ መቅኔ ውስጥ ያሉ ጅምር ቀይ የደም ሴሎች ሳይሞቱ እንዲያድጉ ያደርጋል። ኩላሊት ሲጎዳ ይህ መልእክት ይሳሳል። ጤነኛ ቀይ ሴል 120 ቀን ገደማ ይኖራል፤ በኩላሊት ሕመም ግን ዕድሜው ያጥራል። ቅነሳው ቀስ እያለ ስለሚመጣ ብዙ ሰው ድካሙን ከዕድሜ ይቆጥረዋል።

«አባቴ ዲያሊሲስ ላይ ናቸው። ሁለት ወር ሙሉ የኤሪትሮፖይቲን መርፌ ተወግተው ሄሞግሎቢናቸው ከ8.4 ወደ 8.6 ብቻ ነው የወጣው። ፌሪቲን 380፣ ትራንስፈሪን ሳቹሬሽን 14 በመቶ። ብረት ሞልቷል ተባልን፤ ምን ጎደለ?»

ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ላይ ያንብቧቸው። ፌሪቲን መጋዘን ውስጥ ያለውን ብረት ያሳያል። ሳቹሬሽን ደግሞ በደም እየተጓጓዘ ወደ መቅኔ የሚሄደውን። የአባትዎ መጋዘን ባዶ አይደለም፤ መንገዱ ላይ ግን ጭነት የለም ማለት ይቻላል።

በሩን የሚቆልፈው ሄፕሲዲን የተባለ ጉበት የሚሠራው ሆርሞን ነው። ብግነት ሲኖር ይበዛል፤ የደከመ ኩላሊትም በደንብ አያስወግደውም። በዚያ ላይ ፌሪቲን ራሱ በብግነት ከፍ ስለሚል «380 ነው፣ በቂ ነው» ብሎ መዝጋት ያሳስታል። መርፌው መቅኔን «ሥራ!» ይለዋል፤ ጥሬ ዕቃው ግን አልደረሰም።

እንዲህ ባለ ውጤት፣ ሳቹሬሽኑ ከ30 በመቶ፣ ፌሪቲኑም ከ500 ካልበለጠ፣ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ብረት በደም ሥር ይሞክራሉ። ንቁ ኢንፌክሽን ካለ ግን ይቆያሉ። ስለዚህ የመርፌው መጠን ከመጨመሩ በፊት ሐኪማቸውን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ብረት ይሰጣቸው ወይ? የተደበቀ ኢንፌክሽን ይኖር ይሆን? የዲያሊሲስ ካቴተር ካላቸው እሱም ይታይ።

«ብረቱን በክኒን ብውጠውስ?»

ዲያሊሲስ ካልጀመሩ መሞከር ይቻላል። ሄፕሲዲን ግን አንጀት ላይም በር ይዘጋል፤ ክኒኑ ሆድ አድርቆ ብቻ ሊቀር ይችላል። በሄሞዲያሊሲስ ላይ ደግሞ በየክፍለ ጊዜው በቱቦውና በማጣሪያው ጥቂት ደም ይቀራል፤ ክኒን ያንን የሚተካው አልፎ አልፎ ነው።

«መርፌውን ጨምሬ ሄሞግሎቢኔን 14 ባደርሰው ምናለበት?»

አይሞክሩት። በትልልቅ ጥናቶች ከ13 በላይ ለማድረስ የተሞከረባቸው ሰዎች አልተጠቀሙም፤ እንዲያውም በአንዳንዶቹ ስትሮክና የልብ ችግር በዝቷል። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ከ10 እስከ 11.5 ያለው ነው። በፍጥነት ሲወጣ የደም ግፊትም አብሮ ይወጣል፤ ስለዚህ መርፌ የሚወስድ ሰው ግፊቱን ሳይለካ አይክረም።