ስኳሩ እንደ ጉድ ይሸጣል፣ ገንዘቡ ግን የለም፦ ጥያቄና መልስ

አባቴ ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ ትንሽ ሱቅ ነበረው። ሩብ ኪሎ ስኳር እያከሰረን መሆኑን የደረስኩበት ተማሪ ሳለሁ ነው። ጠይቁኝ።

መጀመሪያ ምን አጠራጠረሽ?

ጆንያው ባለቀ ቁጥር አባዬ ለሚቀጥለው ጆንያ ከሳሙናው ገንዘብ ይሞላበታል። የመግዣ ዋጋው ጨምሮ ቢሆን ይገባኝ ነበር። አልጨመረም።

እስቲ በቁጥር አሳዪን።

በጊዜው 50 ኪሎውን በ6,000 ብር ገዛን፣ ለባጃጅ 50 ከፈልን። ሩቡን በ32 ብር እንሸጣለን። አባዬ በቃሉ ነው የሚያሰላው፦ 200 ሩብ፣ 6,400 ብር፣ ትርፉ 400። እኔ መቶ መቶ የሆኑ ሁለት እሽግ ፌስታል ለስኳር ብቻ ለየሁ። ጆንያው ሲያልቅ 8 ፌስታል ተርፎ አገኘሁ። የሸጥነው 192 ሩብ ነው ማለት ነው፤ 6,144 ብር። ፌስታሉ አንዱ 1 ብር ነው፣ 192 ብር። ወጪው ሲደመር 6,242 ሆነ። 98 ብር ከስረናል።

እና ፌስታሉ ነዋ ያከሰራችሁ!

ግማሹ እውነት ነው። ፌስታሉ በነጻ ቢሆን እንኳ የምናተርፈው 94 ብር ነበር። ትልቁ ቀዳዳ ምራቂው ነው። ሚዛኑ እኩል ከሆነ በኋላ "አቦ መርቅልኝ እንጂ" ይሉታል፣ እሱም ሁለት የሻይ ማንኪያ የምታህል ይጨምራል። ይቺ 10 ግራም ናት። በጆንያ 2 ኪሎ ትሆናለች።

ጆንያው ራሱ ጎደሎ ቢሆንስ?

ጥሩ ጥያቄ። ያኔ አላሰብኩትም ነበር። ቀጣዩን ጆንያ አስር አስር ኪሎ እያደረግኩ መዘንኩት፣ 49 ኪሎ ከ800 ግራም መጣ። የጎደለው አንድ ሩብ እንኳ አይሞላም።

እኔ ሐረር ቀዝቃዛ ውሃ እሸጣለሁ። መብራት እየበላኝ ነው፣ ፍሪጁን ልሽጠው?

ያንቺ ይለያል፣ እህቴ። ምራቂ በሸጥሽ ቁጥር ይወጣል። ፍሪጅ ግን 10 ውሃም ሸጥሽ 60 ወጪው ብዙ አይለያይም። የወሩን ክፍያ ለሸጥሻቸው ውሃዎች አካፍዪው፣ ከዚያ ወስኚ። ፍሪጁ ውስጥ ሌላ የሚሸጥ ካለም ክፍያውን ይጋራሻል።

ታዲያ ስኳሩን ተዋችሁት?

አባዬ "ስኳር የሌለበት ሱቅ ማን ይገባል?" አለ። ለስኳር የመጣ ሻይ ቅጠልም ይወስዳል። ምን ያህሉ ሰው? ሦስት ቀን ደብተር ላይ ጭረት እያሰመርኩ ቆጠርኩ፣ ግን ሦስት ቀን አይበቃም። ዋጋ መጨመሩንም አልወደደውም። እኔ ጠዋት ጠዋት ልክ 250 ግራም እየመዘንኩ፣ ፌስታሉን ቋጥሬ መደርደር ጀመርኩ። የተቋጠረ ላይ መርቁልኝ የሚል ብዙም የለም። ጆንያው ሙሉ 50 ኪሎ ሆኖ በዚህ ልክ ከሸጥን በጆንያ 150 ብር ይተርፋል። አንዲት የድሮ ደንበኛችን ግን ከዚያ ወዲህ ቀረች። አባዬ በኔ ምክንያት ነው ይላል። እኔ ቤት ቀይራ ይመስለኛል።