ኮንትራስት እና የኩላሊት ምርመራ

«እናቴ 62 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት። ጉበቷ ላይ እብጠት ስለታየ ደሴ ሲቲ ስካን ታዘዘላት። ክሬቲኒኗ 1.4 ነው። በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ለምን አስፈለገ? ኩላሊቷንስ አይጎዳም?»

በደም ሥር የሚሰጠው ይህ መድኃኒት ኮንትራስት ይባላል። ያለ እሱ ጉበቱም እብጠቱም በምስሉ ላይ ተመሳሳይ ግራጫ ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። በኮንትራስቱ ውስጥ ያለው አዮዲን ኤክስሬይን ስለሚያስቀር ደም የደረሰበት ቦታ ይነጣል፤ እብጠቱ ደም የሚያገኝበት መንገድና ፍጥነት ከጤናማው ጉበት ስለሚለይም ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል።

መድኃኒቱ የሚወገደው በኩላሊት ስለሆነ ክሬቲኒን፣ ማለትም ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ፣ አስቀድሞ ይለካል፤ ቁጥሩ ግን ብቻውን ያሳስታል። 1.4 ሚሊግራም በዴሲሊትር ለ25 ዓመት ወንድ የኩላሊቱ የማጣራት አቅም በደቂቃ 71 ሚሊሊትር ገደማ ነው ማለት ሲሆን፣ በእናትዎ ዕድሜ ላለች ሴት ግን 42 ገደማ ነው። ስጋቱ በይበልጥ የሚነሳው ከ30 በታች ሲወርድ ወይም ኩላሊቱ በድንገት ሲታመም ስለሆነ፣ በእኔ ግምት 42 በጥንቃቄ እንጂ በክልከላ የሚታይ አይደለም። ውጤቱ የቆየ ከሆነ ይደገም። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም አስቀድመው ይንገሩ፤ ሐኪሙ ለ48 ሰዓት አስቁሞ፣ ክሬቲኒኑን ደግሞ ካየ በኋላ ሊያስጀምራቸው ይችላል። በጾም ምክንያት ውሃ ሳይጠጡ ውለው ከሆነ (በእኛ በወሎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጿሚ ነውና) ይህንንም አይደብቁ፤ የሰውነት ድርቀት ኩላሊትን ይጎዳል።

ሲወጋ መላ ሰውነትን የሚያዳርስ ሙቀት፣ በአፍ ውስጥ የብረት ጣዕምና ሽንት ያመለጠ የሚመስል ስሜት የተለመዱ ናቸው፤ በደቂቃዎች ውስጥም ይጠፋሉ። ማቅለሽለሽም ሊኖር ይችላል። ሽፍታና ማሳከክ ከታየ፣ ይልቁንም ጉሮሮ ከጠበበ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ ወዲያውኑ ለባለሙያው መናገር ያስፈልጋል። መርፌው የገባበት ክንድ ካበጠና ካመመም መድኃኒቱ ከደም ሥሩ ውጭ ፈስሶ ሊሆን ይችላል።