ደካማ ፒን፣ ሪሌይና የተረሳው ዳዮድ

ጥያቄ፦ «የማይክሮኮንትሮለሬ ፒን 3.3 ቮልት ይሰጣል። ባለ 5 ቮልት ሪሌይ በ2N2222 ትራንዚስተር አገናኝቼ ቤዙ ላይ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አደረግሁ። ሪሌዩ አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ አይነሳም፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ ትራንዚስተሩ ተቃጠለ። ሌላ የገጠምኩት ነገር የለም። ስህተቴ ምንድን ነው?»

መልስ፦ ሪሌዩን የሚያወላውለው ሬዚስተሩ ነው፤ ትራንዚስተሩን ያቃጠለው ግን የዳዮድ አለመኖር ይመስለኛል።

የሪሌዩ ጥቅል ሽቦ 70 ኦም ቢሆን በ5 ቮልት 71 ሚሊአምፒር ገደማ ይስባል። ከ3.3 ቮልቱ ላይ በቤዝና በኤሚተር መካከል የሚቀረው 0.7 ቮልት ሲቀነስ፣ በ10 ኪሎ ኦም በኩል ወደ ቤዙ የሚገባው 0.26 ሚሊአምፒር ብቻ ነው። ትራንዚስተሩ ይህን 150 ጊዜ ቢያባዛው 39 ሚሊአምፒር ይሆናል፤ ይህም ጥቅሉ ላይ 2.7 ቮልት ያህል ብቻ ያሳርፋል፣ ብዙዎቹ ባለ 5 ቮልት ሪሌዮች ግን ለመነሳት 3.75 ቮልት ገደማ ይሻሉ። የማባዛት አቅሙ ከአንዱ ትራንዚስተር ወደ ሌላው ስለሚለያይና ከሙቀት ጋር ስለሚጨምር፣ ሪሌዩ አንዳንዴ መነሳቱ አያስገርምም። ስለዚህ በማባዛት አቅሙ ሳይተማመኑ፣ ለቤዙ የጥቅሉን ከረንት አንድ አሥራ አራተኛ ያህል፣ ማለትም 5 ሚሊአምፒር ይስጡት፤ አስቀድመው ግን ፒኑ ይህን መስጠት እንደሚችል ከመረጃ ሰነዱ ያረጋግጡ። በዚህ ከረንት በቤዝና በኤሚተር መካከል የሚቀረው ወደ 0.8 ቮልት ከፍ ስለሚል፣ ሬዚስተሩ እንዲህ ይሰላል፦

```
R = (3.3 - 0.8) / 0.005 = 500 Ω
```

ለዚህ ቅርብ የሆነው 470 ኦም ነው። ሪሌዩ እንደተነሳ በኮሌክተርና በኤሚተር መካከል ይለኩ፤ ከ0.3 ቮልት በታች ካነበቡ ትራንዚስተሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል፣ 1 ቮልትና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን አሁንም ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ያወጡትን 10 ኪሎ ኦም አይጣሉት፤ ከቤዝ ወደ ግራውንድ ቢያገናኙት ፕሮግራሙ ሳይጀምር ፒኑ ባልተወሰነበት ቅጽበት ሪሌዩ በስህተት እንዳይነሳ ይጠብቃል።

ወደ ዳዮዱ ስንመጣ፣ በጥቅል ሽቦ ውስጥ የሚያልፍ ከረንት በአንዴ አይቆምም። ትራንዚስተሩ ሲዘጋ ከረንቱ መሄጃ ስለሚያጣ፣ የኮሌክተሩ ቮልቴጅ ትራንዚስተሩ ከሚችለው በላይ እስኪሆን ድረስ ይወጣል፤ ተራው 2N2222 የሚችለው ደግሞ 30 ቮልት ነው። አንድ መዝጋት ላይገድለው ይችላል፣ የተደጋገመ ግን ይጎዳዋል። 1N4007 ዳዮድን ከጥቅሉ ሁለት ጫፎች ጋር ያገናኙ፤ ቀለበት ያለበት ጫፉ ወደ 5 ቮልቱ፣ ሌላው ወደ ኮሌክተሩ ይሁን። ከተገለበጠ ትራንዚስተሩ በተከፈተ ቁጥር ምንጩ በዳዮዱ በኩል ሾርት ስለሚሆን አንዱ ይቃጠላል። ዳዮዱን ከመበየድዎ በፊት በመልቲሜትር ይፈትሹት፤ ከተበየደ በኋላ የጥቅሉ 70 ኦም ንባቡን ያሳስትዎታል።

ይህ ስሌት ለሞተር አይበቃም፤ ሞተር ሲነሳ የሚስበው ከረንት ሲዞር ከሚስበው ብዙ እጥፍ ነው። ለዚያ በ3.3 ቮልት ሙሉ በሙሉ የሚከፈት ሞስፌት ይምረጡ፤ ፍጥነቱን በፍጥነት በማብራትና በማጥፋት የሚቆጣጠሩ ከሆነም 1N4007 ቀርፋፋ ስለሆነ የሞተሩን ከረንት የሚችል ሾትኪ ዳዮድ ይጠቀሙ።