የኬሞ ዙርና የኢንሹራንስ ጣሪያ፦ ጥያቄና መልስ

«ባለቤቴ በየ21 ቀኑ ስድስት ዙር ኬሞ ታዞላታል። አንዱ ዙር ከነደም ምርመራው 35 ሺህ ብር ነው። የመስሪያ ቤቴ ኢንሹራንስ ለአንድ ሰው በዓመት 200 ሺህ ይሸፍናል። የመጀመሪያው መጋቢት 10 ነበር፣ ውሉ ሐምሌ 1 ይታደሳል። ይበቃናል?» (ከአራት ኪሎ)

ለጥቂት አይበቃም። አምስቱ ዙር 175 ሺህ ይወስዳል፣ ለስድስተኛው 25 ሺህ ይቀራል፣ 10 ሺህ ከኪስ ነው። ያውም ለናሙናውና ለሲቲ ስካኑ ቀደም ብሎ የተከፈለው ከዚያው ጣሪያ ካልተቀነሰ ነው፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይሄን ስለሆነ ቀሪ ሂሳቡን ከኢንሹራንሱ በጽሑፍ አሁኑኑ ጠይቅ።

አሁን ቀኑን ቁጠር። ስድስተኛው ሰኔ 25 ላይ ያርፋል፣ አዲሱ ጣሪያ ሊከፈት ስድስት ቀን ሲቀረው። «ትንሽ ብናቆየውስ?» ማለትህ አይቀርም። ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ሕክምናው የተሰጠበትን ቀን እንጂ ደረሰኙ የገባበትን አይደለም፣ ስለዚህ ሐሳቡ በሂሳብ ያስኬዳል። ግን ኬሞ ከዙር ዙር ያለው ክፍተት የሕክምናው አካል ነው፤ ቀኑን የሚያንቀሳቅሰው ሐኪሟ ብቻ ነው። ጠይቀው፣ አይሆንም ካለ 10 ሺዋን ፈልግ። ሌላው፣ መስሪያ ቤትህ ሐምሌ ላይ ኢንሹራንስ ሊቀይር ካሰበ የሰው ሀብት ክፍሉን ቀድመህ ያዝ። አዲሱ ድርጅት «ቀድሞ የነበረ ሕመም» ብሎ እንዳያስወጣት በውሉ ላይ መጻፍ አለበት።

«እናቴ ጠዋት ገብታ ማታ ትወጣለች። ኢንሹራንሱ ተመላላሽ ነው ብሎ ከትንሿ ጣሪያ ቆረጠው፣ በሁለት ዙር አለቀ።» (ከስታዲየም)

ይሄ የተለመደ ጣጣ ነው። ኬሞ አልጋ ተይዞ፣ በደም ሥር፣ ለሰዓታት ክትትል እየተደረገ ቢሰጥም ታካሚዋ ስለማታድር ሆስፒታሉ ደረሰኙ ላይ ዝም ብሎ «ተመላላሽ» ይላል። ውሉን አውጥተሽ የቀን ሕክምና ወይም የካንሰር ሕክምና የሚል አንቀጽ ፈልጊ። ካለ፣ ሐኪሙ የሕክምናውን ዓይነት፣ የዙሩን ብዛትና አልጋ ላይ የቆየችበትን ሰዓት ይጻፍልሽ፣ ከዚያ ይታረም ብለሽ አመልክቺ። ከሌለ ግን መከራከሪያሽ ደካማ ነው፣ ልዋሽሽ አልፈልግም።

«አራተኛው ዙር ደሜ ወርዶ በሳምንት ተራዘመ። ስመለስ ኢንሹራንሱ ለሕክምናው የሰጠኝ የፈቃድ ደብዳቤ ጊዜው አልፏል አሉኝ።» (ከካሳንቺስ)

ይሄማ የሚጠበቅ ነገር ነው። ኢንፌክሽን የሚከላከሉት ነጭ የደም ሴሎች፣ ኒውትሮፊል የሚባሉት፣ ከ1,500 በታች ከወረዱ ሐኪም ብዙ ጊዜ ዙሩን ያቆየዋል። የላብራቶሪውን ውጤት ከሐኪሙ ማስታወሻ ጋር አያይዘህ ደብዳቤው እንዲታደስ ጠይቅ። ለቀጣዩ ደግሞ ፈቃዱ በቀን ሳይሆን በዙር ብዛት እንዲጻፍልህ ሞክር፣ አንዳንዶቹ እሺ ይላሉ። በመሃል ትኩሳትህ 38 ከደረሰ ግን ደብዳቤ ምናምን ሳትል በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂድ፤ ኢንሹራንሱን ቤተሰብ በዚያው ቀን ደውሎ ያሳውቅ።